ከኢንቮይሱ አንሶ የገባ ዶላር፦ ትተዉታላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ ወይስ ታሻግራላችሁ?

ሐዋሳ ሆነው ዕቃ ወደ ውጭ የሚልኩ ትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። ሸማ፣ ቅመማ ቅመም፣ የቀርከሃ ዕቃ የሚልኩ ናቸው። ሁሉም ጋ የሚመላለስ አንድ ጉዳይ አለ። ገዢው የ4,800 ዶላር ኢንቮይስ ደርሶታል። ከፍሎ የባንኩን ማረጋገጫ በዋትስአፕ ልኳል። ማረጋገጫው 4,800 ይላል። እዚህ የገባው ግን 4,752 ነው። 48 ዶላር መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ መሄጃው ሦስት ነው። ልዩነቱን የባንክ ወጪ ብሎ ሒሳቡን መዝጋት፣ ገዢውን አሁኑኑ "አሟላ" ማለት፣ ወይም ከሚቀጥለው ክፍያ ጋር እንዲመጣ ማሻገር። ብዙ ሰው ከሦስቱ አንዱን በስሜት ይመርጣል። የተናደደ ይጠይቃል፣ ገዢውን ላጣው እችላለሁ ብሎ የሰጋ ይተወዋል። ምርጫው መያዝ ያለበት ግን ሁለት ነገር ከታወቀ በኋላ ነው፦ ገንዘቡን ማን ቆረጠው? ስለ ባንክ ክፍያስ አስቀድሞ ምን ተስማምታችኋል?

ማን እንደቆረጠው የሚናገረው ወረቀት

ባንኩ የሚሰጣችሁ ክሬዲት አድቫይስ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በመጨረሻ ሒሳባችሁ ውስጥ የገባውን ነው። ገዢው የሚልክላችሁ ማረጋገጫ ደግሞ የሚያሳየው ከእሱ ሒሳብ የወጣውን ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። መሐል ላይ የሆነውን ግን ሁለቱም አይናገሩም። እሱን የሚናገረው ስዊፍት ኮፒ፣ ማለትም ባንኮቹ ገንዘቡን ሲያስተላልፉ የተላላኩት መልእክት ግልባጭ ነው።

ስዊፍት ኮፒውን ከቅርንጫፋችሁ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ጠይቁ። ቅርንጫፉ ጋ ከሌለ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት እንዲያስመጡላችሁ ገንዘቡ የገባበትን ቀን፣ መጠኑንና የላኪውን ስም በጽሑፍ ስጧቸው። በቃል ብቻ ከጠየቃችሁ "ነገ ተመለሱ" ይበዛል።

ታቦር ክፍለ ከተማ ሽመና የምታሠራ ደንበኛ አለችኝ። የአንገት ልብስ ለአንድ የአሜሪካ ሱቅ ትልካለች። የ4,800 ዶላሩ ኢንቮይስ የእሷ ነበር። "ይሄ ሰውዬ 48 ዶላር ቀሸበኝ እኮ" ብላ መጣች። ስዊፍት ኮፒው ሲወጣ፣ ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት መስመሮች እነዚህ ነበሩ፦

```
:32A:250314USD4765,
:33B:USD4800,
:71A:SHA
:71F:USD15,
:71F:USD20,
```

ከ33B እንጀምር። ይህ ገዢው ባንኩን "ይህን ላክልኝ" ብሎ ያዘዘው መጠን ነው። 4,800 ይላል፣ ከኢንቮይሱ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ሰውየው አልቀሸበም። 32A ደግሞ የመጨረሻው ባንክ ለእኛ ባንክ ያስረከበው መጠን ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው 250314 ቀኑ ነው። እዚህ ጋ 4,765 ሆኗል። በሁለቱ መካከል ያለው 35 ዶላር ነው። ያንን የሚያስረዱት ሁለቱ 71F ናቸው። እያንዳንዱ 71F በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ባንክ ከዋናው ገንዘብ ላይ ያነሳውን ያሳያል፦ አንዱ 15፣ ሌላው 20።

ሁለት ባንክ መሐል የገባበት ምክንያት ቀላል ነው። የገዢው ባንክ ትንሽ ነው፤ ከኛ ባንክ ጋር በቀጥታ ሒሳብ የለውም። ስለዚህ ዶላሩ ሁለቱም የሚያውቋቸውን ኮሬስፖንደንት ባንኮች ይዞ ነው የሚመጣው። እያንዳንዳቸውም ለአገልግሎታቸው ይቆርጣሉ።

ታዲያ 4,765 ደርሶ ለምን 4,752 ገባ? ቀሪውን 13 ዶላር የወሰደው እዚሁ ያለው የእኛው ባንክ ነው። እሱ በስዊፍት ኮፒው ላይ አይወጣም፤ ክሬዲት አድቫይሱ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ 48 ዶላሩ አንድ ነገር አይደለም። 35ቱ የመንገድ ነው፣ 13ቱ የቤት ነው። ይህን ሳይለዩ ገዢውን 48 መጠየቅ ትክክል አይደለም። የራሳችን ባንክ ገንዘብ ሲያስገባልን የሚያስከፍለን የእኛ ወጪ ነው፤ ለገዢው የሚያሳልፉትን ሰዎች አልደግፍም።

71A ላይ ያለው ቃል ደግሞ ክፍያውን ማን እንዲሸከም እንደታዘዘ ይናገራል። OUR ከሆነ ላኪው ሁሉንም ይከፍላል፤ እናንተ ጋ ሙሉው መድረስ አለበት። SHA ከሆነ ላኪው የራሱን ባንክ ብቻ ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። BEN ከሆነ የላኪው ባንክ ክፍያ ሳይቀር ከእናንተ ገንዘብ ላይ ይነሳል። ባንኮች አሁን ወደ አዲሱ የመልእክት ቅርጽ ስለዞሩ ወረቀታችሁ ላይ DEBT፣ SHAR ወይም CRED የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። ትርጉማቸው በቅደም ተከተል ያው OUR፣ SHA እና BEN ነው።

አንድ መጠንቀቂያ አለ። 33B ላይ ራሱ 4,752 ብሎ ካገኛችሁት ጨዋታው ሌላ ነው። ያ ማለት ገዢው ያዘዘው ገና ከመነሻው አንሶ ነው። ምናልባት የባንኩን ክፍያ ራሱ ቀንሶ ልኳል፣ ምናልባት የቆየ ፕሮፎርማ አይቶ ከፍሏል። ይህ የባንክ ጉዳይ ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ "ባንክ ቆረጠው" የሚል መልስ አትቀበሉ።

ሦስቱ መንገዶች

*ወጪ አድርጎ መዝጋት።* በጣም ቀላሉ ነው። ገዢው ቅር አይለውም፣ ሒሳቡም አይንጠለጠልም። ለትንሽ ልዩነትና በፕሮፎርማው ላይ ስለ ባንክ ክፍያ አንድም ቃል ላልጻፈ ሻጭ ብዙ ጊዜ ትክክሉ ይሄ ነው። ሰውየው ባንክ ሄዶ 4,800 ላክ ብሏል፤ SHA የሚለውን ምናልባት የባንኩ ፎርም ራሱ መርጦለታል። ያልተነገረውን ሕግ ጣሰ ማለት አይቻልም።

አደጋው አመዘጋገቡ ላይ ነው። ሁለት ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። አንዱ ሽያጩን ወደ 4,752 ዝቅ አድርጎ መመዝገብ ነው። ሽያጩ 4,800 ነው፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም 4,800 ይላል። ሽያጩን ከቀነሳችሁ መዝገባችሁና ጉምሩክ ጋ ያለው ወረቀት አይገጥሙም፣ ኦዲተር ሲመጣ ማስረዳቱ የእናንተ ጣጣ ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ለባንክ ቆረጣ ክሬዲት ኖት አታውጡ። ክሬዲት ኖት የዕቃው ዋጋ ሲቀንስ ወይም ዕቃ ሲመለስ ነው። እዚህ ዋጋው አልተነካም።

ሌላኛው ስህተት ይበልጥ ተደብቆ የሚያልፍ ነው። ብር በዶላር ላይ ሲወርድ ቆረጣው አይታይም። ለስሌት እንዲቀል ኢንቮይሱ በወጣ ቀን አንድ ዶላር 150 ብር ነበር እንበል። ተሰብሳቢው 720,000 ብር ሆኖ ተመዘገበ። ገንዘቡ ሲገባ ምንዛሪው 152 ሆኗል። የገባው 4,752 ዶላር በብር 722,304 ነው። በብር ብቻ የሚያይ ሰው "እንዲያውም 2,304 ብር ተርፎኛል" ብሎ ይዘጋዋል። 48 ዶላሩ መዝገብ ላይ ሳይታይ ጠፋ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ በዶላር ማስታረቅ ነው። 4,752 ገባ፣ 48 ተቆረጠ፣ 4,800 ተዘጋ። ከዚያ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር መቀየር፦

```
ዴቢት   ባንክ                     722,304
ዴቢት   የባንክ ክፍያ ወጪ (48 ዶላር)     7,296
  ክሬዲት  ተሰብሳቢ                  720,000
  ክሬዲት  የምንዛሪ ልዩነት ትርፍ           9,600
```

ወጪውም ትርፉም እየራሳቸው ታዩ። ከ7,296 ብሩ ጀርባ ስዊፍት ኮፒውንና ክሬዲት አድቫይሱን አያይዙ። ያለ ወረቀት የተመዘገበ ወጪ ግብር ሲሠራ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ባንክ ሄዶ ኮፒ ማስወጣት አሰልቺ ቢሆንም የሚያስፈልገው ለክርክር ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

*ገዢውን አሁኑኑ ማሟያ መጠየቅ።* ይህ የሚያዋጣው ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን ወይም 33B ላይ ያለው መጠን ራሱ ሲያንስ ነው። ለ35 ዶላር ግን አስቡት። ገዢው 35 ዶላር ሊልክ ባንኩ ለዝውውሩ እንደገና ያስከፍለዋል። ያ 35 ዶላር ደግሞ እነዚያው ሁለት ባንኮች ጋ ያልፋል። በዚህኛው ጉዞ የተቆረጠው ልክ 35 ስለነበር፣ በዚያው መንገድና በዚያው SHA ቢላክ እናንተ ጋ የሚደርስ ነገር አይኖርም። ገዢውን አስቸግራችሁ፣ እሱም ከፍሎ፣ እናንተም ሳታገኙ ትቀራላችሁ። ከመቶ ዶላር በታች ለሆነ የመንገድ ቆረጣ ለብቻው ዝውውር እንዲላክ አልመክርም።

ስትጠይቁ ደግሞ ማስረጃ ይዛችሁ ጠይቁ። "ገንዘቡ ጎድሏል" ብቻ ከሆነ ሰውየው 4,800 የሚለውን ማረጋገጫ እንደገና ይልክላችኋል፤ እሱም እውነቱን ነው። ስዊፍት ኮፒውን አያይዛችሁ፣ 33B፣ 32A እና 71A ላይ ያለውን በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አስረዱት። ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከባንኩ ጋር ነው።

*ወደ ሚቀጥለው ክፍያ ማሻገር።* ገዢው ቋሚ ከሆነና "ሙሉው ይድረስ" የሚል ስምምነት በጽሑፍ ካላችሁ ከሦስቱ የምመርጠው ይሄንን ነው። ተጨማሪ ዝውውር የለም፤ 35ቱ ከትልቁ ገንዘብ ጋር ተያይዞ ይመጣል። ግን አደራረጉ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

35ቱን በሚቀጥለው ኢንቮይስ የዕቃ ዋጋ ላይ አትጨምሩት። ያ ኢንቮይስ ጉምሩክ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ የተጻፈው ዋጋ የዚያ ዕቃ ዋጋ ብቻ መሆን አለበት። ለ35ቱ ለብቻው ዴቢት ኖት አውጡ፣ የመጀመሪያውን ኢንቮይስ ቁጥር ጥቀሱበት። ገዢው ሁለቱን ደምሮ በአንድ ዝውውር ይክፈል፣ በክፍያ ማብራሪያውም ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ያስገባ።

ባንካችሁንም አትርሱ። ለመጀመሪያው ጭነት የወጣው ኤክስፖርት ፐርሚት 4,800 ነው። ባንኩ ፐርሚቱን የሚያወራርደው በገባው ዶላር ነው። የጎደለው ባንኩ መዝገብ ላይ ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ የተቆረጠውን የሚያሳየውን ስዊፍት ኮፒ ከአጭር ደብዳቤ ጋር ለውጭ ንግድ ክፍሉ ስጡ። ካሻገራችሁት ደግሞ ሁለተኛው ክፍያ ሲመጣ ከየትኛው ፐርሚት ምን ያህሉ እንደሆነ ጽፋችሁ አሳውቁ። ያልተወራረደ ፐርሚት ያለበት ላኪ ቀጣዩን ፐርሚት ሊያወጣ ሲሄድ ነው ችግሩን የሚያውቀው፤ ያኔ ደግሞ ዕቃው ተጭኖ እየጠበቀ ነው። በሦስቱም መንገድ፣ ወጪ ብላችሁ ብትዘጉት እንኳ፣ ይህን ደብዳቤ አስገቡ።

ባለ ሽመናዋ የቱን መረጠች? ፕሮፎርማዋ ስለ ባንክ ክፍያ ምንም አይልም ነበር። ገዢው ያዘዘው ሙሉውን ነው። ስለዚህ 48ቱን ወጪ አድርገን ዘጋነው፣ ለገዢውም የጥያቄ ሳይሆን የማሳወቂያ ኢሜይል ጻፍን፦ ይህን ያህል በመንገድ ተቆርጧል፣ ይህን ጊዜ እኛ ሸፍነነዋል፣ የሚቀጥለው ፕሮፎርማ ላይ አከፋፈሉን እናስተካክላለን የሚል። ይህ ኢሜይል ቀጣዩን ንግግር በጣም አቀለለው።

ለሚቀጥለው ጊዜ፦ OUR ይሻላል ወይስ ዋጋ ላይ ማስገባት?

እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባው የመንገድ ቆረጣ ብዙ ጊዜ በዝውውር እንጂ በመቶኛ አለመሆኑ ነው። 35 ዶላር ከ4,800 ላይ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያው 35 ከ600 ዶላር ላይ ግን ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ሸማ የሚሸጥ ሰው 6 በመቶ ትርፉን ይነካዋል።

ስለዚህ ትልልቅ ክፍያ የሚልክ ቋሚ ገዢ ካላችሁ በSHA ቢልክ ችግር የለውም። ቆረጣውን እንደ ማሸጊያ ካርቶን የዋጋችሁ አካል አድርጉትና ዋጋ ስታወጡ ቁጠሩት። ገዢው በባንክ ፎርም አይጨነቅም፣ እናንተም በየወሩ አትጨቃጨቁም። ባለፉት ክፍያዎች ስንት እንደተቆረጠ ከስዊፍት ኮፒዎቹ ስለምታዩ ግምቱ ከባድ አይደለም።

ገዢው አዲስ ከሆነ ወይም ክፍያዎቹ ትንንሽ ከሆኑ ግን OUR ጠይቁ። ፕሮፎርማው ላይ፣ ከባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁ ጎን፣ አንድ መስመር ይበቃል፦ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ የባንክ ክፍያ በሙሉ የከፋዩ ነው፣ ዝውውሩ OUR ተብሎ ይላክ። "ከኢትዮጵያ ውጭ" የምትለዋን አትዝለሏት። የቤቱን 13 ዶላር ለራሳችሁ እንደምትተዉ ስለምታሳይ ገዢው ነገሩን ፍትሐዊ ሆኖ ያገኘዋል። መስመሯ መግባት ያለባት ገዢው ከመስማማቱ በፊት ፕሮፎርማው ላይ ነው። ዕቃው ከተላከ በኋላ በሚወጣው ኢንቮይስ ላይ ብቻ ብትጽፏት "ይህን አልተነጋገርንም" ቢላችሁ መልስ የላችሁም።

የክፍያውን ብዛት መቀነስ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል። 30 በመቶ ቅድሚያ፣ 70 በመቶ ሲጫን የሚል ስምምነት ማለት ሁለት ዝውውር፣ ሁለት ቆረጣ ነው። ገዢውን የማታውቁት ከሆነ ቅድሚያው ያስፈልጋል፣ አትተዉት። በደንብ ለምታውቁት ገዢ የምትልኩት ትንሽ ትዕዛዝ ከሆነ ግን በአንዴ ቢከፈል ይሻላል።

OUR ተብሎም ሲቆረጥ

ይህ ያጋጥማል። ገዢው OUR ብሎ ልኮ፣ የራሱን ባንክ ተጨማሪ ከፍሎ፣ መሐል ያለ ባንክ ግን ቆርጦ ያስተላልፋል። መጀመሪያ 71A ላይ በእርግጥ OUR መሆኑን እዩ። ገዢው "OUR ብያለሁ" ቢልም ወረቀቱ SHA ሊል ይችላል። 71F መስመር ካለ ደግሞ ያ ራሱ ምልክት ነው፤ በስዊፍት ደንብ OUR በሆነ መልእክት ላይ 71F አይገባም።

እውነትም OUR ከሆነ ወጪ ብላችሁ ለመዝጋት አትቸኩሉ። ገንዘቡን የማስመለስ መብት ያለው ግን ገዢው ነው፣ ምክንያቱም ለባንኩ የከፈለው እሱ ነው። እናንተ የምትሰጡት ሁለት ነገር ነው፦ የገባላችሁን መጠን የሚያሳየውን ክሬዲት አድቫይስ፣ እና የዝውውሩን መለያ UETR። UETR በሰረዝ የተከፋፈለ፣ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ምልክት ያለው የሆሄና ቁጥር ረጅም መለያ ነው፤ ስዊፍት ኮፒው ላይ 121: ከሚለው ቀጥሎ ታገኙታላችሁ። በእሱ የገዢው ባንክ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ በኩል እንዳለፈና ብዙ ጊዜም የቱ ጋ እንደተቆረጠ ማየት ይችላል። ገዢው ይህን ይዞ ባንኩን ምርመራ እንዲከፍት ይጠይቅ።

ባንኮቹ እስኪነጋገሩ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ የመንገዱን ልዩነት ተሰብሳቢ ላይ ክፍት አድርጋችሁ አቆዩት፣ የራሳችሁን ባንክ ክፍያ ግን ወዲያው ወጪ አድርጉት። የሒሳብ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት መልስ ካልመጣ፣ የገዢው ባንክ የሰጠውን መልስ ወይም የላካችሁትን ጥያቄ ከስዊፍት ኮፒው ጋር አያይዛችሁ ያኔ ወደ ወጪ አዙሩት።